ዜሮ ትርፍ እያገኙ መሥራት፣ እየከሰሩም ማምረት፦ በፍጹም ውድድር ውስጥ ያለ ድርጅት ውሳኔዎች

ስለ ፍጹም ውድድር የሚያስተምሩ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ የሚገኙ ሁለት ድምዳሜዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ የሚሠራ ድርጅት በረጅም ጊዜ የሚያገኘው ኢኮኖሚያዊ ትርፍ ዜሮ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እየከሰረ ያለ ድርጅት በአጭር ጊዜ ማምረቱን ቢቀጥል ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን እንደሚችል፣ ማቆም ያለበትም መቼ እንደሆነ ይናገራል። ለጀማሪ አንባቢ ሁለቱም እንግዳ ነገር ይመስላሉ፤ ምንም የማያተርፍ ሰው ለምን ሥራውን ይቀጥላል? የሚከስረውስ ለምን በሩን አይዘጋም? ሁለቱን ድምዳሜዎች ለየብቻ በቃል ከመያዝ ይልቅ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ማየት የተሻለ ይመስለኛል። ምንጩም ባለቤቱ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ሥራ ብተወው የማልከፍለው ወጪ የትኛው ነው?

ፍጹም ውድድር የሚባለው ብዙ ገዢና ብዙ ሻጭ ያሉበት፣ የሁሉም ሻጮች ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነበት፣ ስለ ዋጋ መረጃ ለሁሉም ግልጽ የሆነበት፣ ወደ ሥራው ለመግባትም ሆነ ለመውጣት የሚከለክል ነገር የሌለበት ገበያ ነው። ከእነዚህ የተነሳ አንዱ ድርጅት ብቻውን ዋጋ መወሰን አይችልም፤ ገበያው ያወጣውን ዋጋ ተቀብሎ ምን ያህል እንደሚያመርት ብቻ ይወስናል። ለዜሮው ትርፍ ዋናው ምክንያት ግን በመጨረሻ የተጠቀሰው፣ የመግባትና የመውጣት ነፃነት ነው።

ወጪ ሲባል ምን ማለት ነው?

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንከታተለው። ጡብ የሚያመርት አንድ ድርጅት አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ስለሆኑ አንባቢ በፈለገው ገንዘብ ሊያነባቸው ይችላል። ድርጅቱ ቦታውንና የጡብ ማቃጠያ ምድጃውን የአንድ ዓመት ውል ገብቶ ተከራይቷል፤ ኪራዩ በሳምንት 60 ነው። ባለቤቱ ሥራውን የሚመራው ራሱ ሲሆን ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት 25 ደመወዝ ያገኝ ነበር። ለመሣሪያ ያወጣው የራሱ ገንዘብም ተመሳሳይ ስጋት ባለው ሌላ ሥራ ላይ ቢውል በሳምንት 15 ያስገኝለት ነበር።

የሂሳብ ሠራተኛው በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው 60ውን ኪራይ ብቻ ነው። 25ቱና 15ቱ ከማንም ኪስ ስላልወጡ ደረሰኝ የላቸውም። ኢኮኖሚክስ ግን እነዚህንም ወጪ ብሎ ይቆጥራቸዋል፤ ባለቤቱ ጡብ በማምረቱ ምክንያት የቀሩበት ገቢዎች ናቸውና። ስለዚህ ምንም ጡብ ባይመረት እንኳ የሚኖረው ቋሚ ወጪ በሳምንት 60 ሳይሆን 100 ይሆናል። ለጊዜው ባለቤቱ እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው ብለን እንነሳ፤ ማምረት ቢያቆምም እስከዚያ ሌላ ቦታ ሊቀጠርም፣ መሣሪያውን ሊሸጥም አይችልም። ይህ ግምት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ወደኋላ እናየዋለን።

ከቋሚው ወጪ በተጨማሪ ለሸክላ አፈር፣ ለነዳጅና ለቀን ሠራተኞች የሚከፈል፣ ከምርቱ ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ተለዋዋጭ ወጪ አለ። ምርቱ በሳምንት በሺህ ጡብ ይለካ፤ ዋጋውም የአንድ ሺህ ጡብ ዋጋ ይሁን።

| ምርት (ሺህ ጡብ) | ተለዋዋጭ ወጪ | ጠቅላላ ወጪ | አማካይ ተለዋዋጭ ወጪ | አማካይ ጠቅላላ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 10 | 110 | 10 | 110 |
| 2 | 14 | 114 | 7 | 57 |
| 3 | 18 | 118 | 6 | 39.3 |
| 4 | 28 | 128 | 7 | 32 |
| 5 | 50 | 150 | 10 | 30 |
| 6 | 90 | 190 | 15 | 31.7 |
| 7 | 154 | 254 | 22 | 36.3 |

ተለዋዋጩ ወጪ መጀመሪያ ላይ በዝግታ፣ ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት የሚያድገው ምድጃው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጥቂት ጡብ ሲቃጠል ከምድጃው ቦታ ብዙው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ምርት ሲጨመር ለእያንዳንዱ ሺህ የሚያስፈልገው ነዳጅና ጉልበት ይቀንሳል። ምድጃው ከሞላ በኋላ ግን ተጨማሪ ሺህ ጡብ ማውጣት የሌሊት ሥራን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና በጥድፊያ ምክንያት የሚሰነጠቅ ጡብን ያስከትላል።

ባለቤቱ ምን ያህል ማምረት እንዳለበት የሚወስነው ተጨማሪዋን ሺህ ጡብ ለማውጣት የሚጠይቀውን ተጨማሪ ወጪ ከዋጋዋ ጋር በማነጻጸር ነው፤ ይህ ተጨማሪ ወጪ በትምህርቱ ቋንቋ ኅዳጋዊ ወጪ ይባላል። ከአራተኛው ሺህ ወደ አምስተኛው መሄድ 22 ያስወጣል (ከ28 ወደ 50)፤ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ደግሞ 40። ዋጋው 30 ከሆነ አምስተኛው ሺህ ያዋጣል፣ ስድስተኛው አያዋጣም። ስለዚህ ድርጅቱ 5 ሺህ ጡብ አምርቶ 150 ያስገባል፤ ጠቅላላ ወጪውም 150 ነው።

ኢኮኖሚያዊ ትርፉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። በባለቤቱ የሂሳብ መዝገብ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ 150 ገቢ፣ 60 ኪራይ፣ 50 ተለዋዋጭ ወጪ፣ 40 ትርፍ። እነዚህ 40ዎቹ ባለቤቱ በሌላ ቦታ ሊያገኛቸው ከነበሩት 25 ደመወዝና 15 የገንዘብ ፍሬ ጋር በትክክል እኩል ናቸው። ዜሮ ትርፍ የሚለው አነጋገር ድርጅቱ ባለቤቱን አያኖርም ማለት አይደለም፤ ጉልበቱና ገንዘቡ እዚህ ያገኙት ክፍያ ሌላ ቦታ ሊያገኙት ከሚችሉት አይበልጥም፣ አያንስምም ማለት ነው። ይህ 40 አንዳንዴ መደበኛ ትርፍ ይባላል። በእኔ እይታ ብዙ ተማሪዎችን የሚያደናግራቸው ውድድሩ ሳይሆን ይህ የሂሳብ አያያዝ ልዩነት ነው።

ትርፉ ወደ ዜሮ የሚወርድበት መንገድ

በገበያው ውስጥ እንደዚህ ያሉ 100 ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋው 30 ነው፤ እያንዳንዱ 5 ሺህ፣ ሁሉም በአንድነት 500 ሺህ ጡብ በሳምንት ያቀርባሉ። አሁን የግንባታ ሥራ በዛና የጡብ ፍላጎት ጨመረ እንበል። በአጭር ጊዜ አዲስ ምድጃ መሥራት ስለማይቻል ያለው አማራጭ ባሉት ምድጃዎች አብዝቶ ማምረት ነው፤ ዋጋውም ለዚህ ተጨማሪ ምርት የሚጠይቀውን ከፍ ያለ ወጪ እስኪሸፍን ይወጣል። ዋጋው 51 ደርሶ እያንዳንዱ ድርጅት 6 ሺህ ያምርት። ገቢው 306፣ ወጪው 190፣ ኢኮኖሚያዊ ትርፉ 116 ይሆናል።

ይህ 116 ለሌሎች ሰዎች የሚታይ ምልክት ነው። በሌላ ሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ጉልበቱንና ገንዘቡን ወደ ጡብ ቢያዞር አሁን ከሚያገኘው በላይ በሳምንት 116 እንደሚያገኝ ይረዳል፤ ቴክኖሎጂው የታወቀ ነው፣ ፈቃድም ሆነ የተዘጋ በር የለም። ስለዚህ ይገባል። የገዢዎችን ጠባይ ለማወቅ ዋጋው በ1 በቀነሰ ቁጥር የሚገዙት ጡብ በ10 ሺህ ይጨምራል ብለን እንያዝ። አሥር አዳዲስ ድርጅቶች ሲገቡ ድርጅቶቹ 110፣ ምርቱም 660 ሺህ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ለመሸጥ ዋጋው ወደ 45 መውረድ አለበት። የእያንዳንዱ ትርፍም ከ116 ወደ 80 ይቀንሳል። ቢቀንስም ገና ከዜሮ በላይ ስለሆነ የሚገባው ሰው አይቆምም።

የሚቆመው ዋጋው 30 ሲደርስ ነው። በዚያ ዋጋ ገዢዎች 810 ሺህ ጡብ ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ ድርጅት ወደ 5 ሺህ ስለሚመለስ ይህን የሚያቀርቡት 162 ድርጅቶች ናቸው። አንድ መቶ ስድሳ ሦስተኛው ቢጨመር ምርቱ 815 ሺህ፣ ዋጋው 29.5 ይሆንና እያንዳንዱ ድርጅት በሳምንት 2.5 ይከስራል። በሌላ አነጋገር፣ ቀጥሎ ለሚገባው ድርጅት የሚተርፍ ነገር የለም። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር ትርፉን ማንም በትእዛዝ እንዳልቀነሰው ነው፤ የቀነሰው ትርፉን ፈልገው የገቡት ሰዎች ያቀረቡት ጡብ ነው። ኢንዱስትሪው ከ500 ወደ 810 ሺህ ሲያድግ የእያንዳንዱ ድርጅት መጠን ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ ያደገው የድርጅቶቹ ቁጥር ነው። ዋጋውም ያረፈው በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ፣ ማለትም አንድ ሺህ ጡብ ሊመረት በሚችልበት አነስተኛ አማካይ ጠቅላላ ወጪ ላይ ነው።

በተግባር ጉዞው እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ምድጃ መሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ 116ን አይተው በአንድ ወቅት መሥራት የጀመሩ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው ዕቅድ ላያውቅ ይችላል። ሥራው ሲጠናቀቅ ድርጅቶቹ 162 ሳይሆኑ 170 ሆነው ቢገኙ ምርቱ 850 ሺህ፣ ዋጋው 26፣ የእያንዳንዱ ኪሳራ በሳምንት 20 ይሆናል። ዜሮ ትርፍ ገበያው ሁልጊዜ የሚገኝበት ቦታ ሳይሆን የሚሳብበት ቦታ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ በየትኛውም ሳምንት ብንመለከት ከሱ በላይ ወይም በታች ልናገኘው እንችላለን።

ሌላው ገደብ ከግብዓት ዋጋ የሚመጣ ነው። ዋጋው በትክክል ወደ 30 የተመለሰው 62 አዳዲስ ድርጅቶች ሲገቡ የአፈር፣ የነዳጅና የምድጃ ኪራይ ዋጋ አልተለወጠም ብለን ስለገመትን ነው። ጡብ አምራቾች የአንድን ግብዓት አብዛኛውን የሚገዙ ከሆነ ግን የነሱ መብዛት የግብዓቱን ዋጋ ያስወድዳል፤ የሰንጠረዡ ቁጥሮች ሁሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አዲሱ ማረፊያ ዋጋም ለምሳሌ 33 ሊሆን ይችላል። ትርፉ ያኔም ዜሮ ነው። የተለወጠው ዜሮ የሚሆንበት ዋጋ ነው።

የተሻለ አፈር ያለው ድርጅትስ?

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ተቃውሞ ያነሳል፦ ድርጅቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው የተሻለ አፈር ቢኖረው በረጅም ጊዜም ቢሆን ማትረፉን አይቀጥልም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ከድርጅቶቹ አንዱ የሚሠራበት ቦታ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ በሳምንት 20 የሚያህል ወጪ ያድንለታል እንበል። ዋጋው 30 ሲሆን ሌሎቹ ዜሮ ሲያገኙ እሱ 20 ያገኛል፤ አዲስ የሚገቡ ድርጅቶችም ይህን ሊያጠፉበት አይችሉም፤ እንደዚያ ያለ አፈር ሌላ ቦታ የለምና።

ነገር ግን የኪራይ ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ምን ይሆናል? ይህን ቦታ የሚያገኝ ማንኛውም ጡብ አምራች በሳምንት 20 እንደሚተርፈው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ለቦታው ባለቤት አንዱ 5፣ ሌላው 12፣ ሌላው 19 ጨምሬ ልክፈል እያለ ይጫረታል፤ ኪራዩ ከ60 ወደ 80 ሲጠጋ ጨረታው ይቆማል። ያ 20 አልጠፋም፤ ከጡብ አምራቹ እጅ ወጥቶ በመሬቱ ባለቤት እጅ ገባ። ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ መሬት ኪራይ ያስረዳው ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ለም መሬት ከፍ ያለ ኪራይ የሚያስገኘው እህሉ በሚወደድበት ጊዜ ነው እንጂ እህሉ የሚወደደው ኪራዩ ስለጨመረ አይደለም።

ጡብ አምራቹ ራሱ የመሬቱ ባለቤት ከሆነስ? ያን ጊዜ በእጁ 20 ይቀራል፤ ሆኖም መሬቱን ለሌላ ቢያከራየው ኖሮ ያንኑ 20 ተጨማሪ ያገኝ ነበር። ስለዚህ እንደ 25ቱ ደመወዝ ሁሉ ይህም የቀረበት ገቢ ሆኖ ከወጪው ጋር መቆጠር አለበት። ይህ ሰው ሀብታም ነው፤ ሀብታም ያደረገው ግን መሬቱ እንጂ ጡብ ማምረቱ አይደለም። አንዳንድ ተቺዎች ይህን ሲሰሙ ትርፍን በትርጉም ብቻ ዜሮ ማድረግ ነው ይላሉ፤ ትችታቸው ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ አቆጣጠሩ አንድ ተግባራዊ ጥቅም ይሰጣል፦ ከፍተኛ ገቢ ያለበት ሥራ ስናይ ያ ገቢ ለሥራው ነው ወይስ ለአንድ ብርቅ ነገር የሚለውን እንድንለይ ያደርገናል። ቁጥሩ በተወሰነ የሥራ ፈቃድ የሚሠራበት ዘርፍም እንዲሁ ነው፤ ፈቃዱ የሚሸጥ ከሆነ ወደፊት የሚያስገኘው ትርፍ በመሸጫ ዋጋው ውስጥ ይገባል፣ ፈቃዱን ገዝቶ የሚጀምረው ሰውም የሚያገኘው መደበኛውን ብቻ ይሆናል።

መቼ ማምረት ይቆማል?

አሁን በተቃራኒው አቅጣጫ እንሂድ። ወደ መጀመሪያዎቹ 100 ድርጅቶች እንመለስና ፍላጎት ቀንሶ ዋጋው 15 ሆነ እንበል። አራተኛው ሺህ 10 ስለሚያስወጣ ያዋጣል፤ አምስተኛው 22 ስለሚያስወጣ አያዋጣም። ድርጅቱ 4 ሺህ ያመርታል፤ 60 ያስገባል፤ ጠቅላላ ወጪው 128 ስለሆነ በሳምንት 68 ይከስራል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራ ስህተት አለ። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቋሚውን ወጪ ለአራቱ ሺህ አካፍሎ አንድ ሺህ ጡብ 32 እንደሚያስወጣ፣ በ15 ሲሸጥም በእያንዳንዱ ሺህ ላይ 17 እንደሚጠፋ ያሳያል፤ አራት ጊዜ 17 ደግሞ 68 ነው። ሂሳቡ ትክክል ነው። ከሂሳቡ የሚወጣው ምክር፣ ማለትም «ባናመርት ይህን 68 እናድናለን» የሚለው ግን ስህተት ነው። ድርጅቱ ምንም ባያመርት ኪሳራው ዜሮ አይሆንም፤ 100 ይሆናል። ኪራዩ እስከ ውሉ ማብቂያ ይከፈላል፤ ባለቤቱም የቀረበት ገቢ እንደቀረበት ነው። በማምረቱ 28 አውጥቶ 60 ያስገባል፤ በመካከል ያለው 32 ከማይቀረው 100 ላይ ይቀነስለታል። ስለዚህ 68 መክሰር 100 ከመክሰር ይሻላል።

ደንቡ ከዚህ ይወጣል። በአጭር ጊዜ ቋሚው ወጪ በውሳኔው ምክንያት አይለወጥም፤ ስለዚህ ከውሳኔው ውስጥ መውጣት አለበት። የሚቀረው ጥያቄ ገቢው ተለዋዋጩን ወጪ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም የሚል ነው። ሁለቱን ለምርቱ ብናካፍላቸው ደግሞ ዋጋው ከአማካይ ተለዋዋጭ ወጪ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ወደሚል ይለወጣል። በሰንጠረዡ ዝቅተኛው አማካይ ተለዋዋጭ ወጪ በ3 ሺህ ጡብ ላይ የሚገኘው 6 ነው። ዋጋው ከ6 በላይ እስከሆነ ድረስ ተለዋዋጩን ሸፍኖ የሚተርፍ አንድ የምርት መጠን ይኖራል። ዋጋው 5 ቢሆን ግን በየትኛውም መጠን አይሸፈንም፤ ጥቂት የሚያጎድለው 3 ሺህ ማምረት ነው፣ እሱም 15 አስገብቶ 18 ያስወጣል። ኪሳራው 103 ስለሚሆን 100 ብቻ ከስሮ ምድጃውን ማጥፋት ይመረጣል። በ6 ላይ ማምረትና ማቆም እኩል ናቸው።

ስለዚህ ይህ ድርጅት ሁለት የተለያዩ ድንበሮች አሉት፦ 30 እና 6። በሁለቱ መካከል ያለው ዋጋ ድርጅቱ እየከሰረ የሚሠራበት ቀጠና ነው። ማምረት ማቆምና ከገበያ መውጣት አንድ እንዳልሆኑም ከዚህ ይታወቃል። ማምረት ያቆመ ድርጅት ኪራዩን እየከፈለ ይቀመጣል፤ ከገበያ የወጣ ግን ውሉን ጨርሶ፣ መሣሪያውን ሸጦ፣ ባለቤቱም ሌላ ሥራ ይዞ ከወጪ ሁሉ ነፃ የሆነ ነው።

ሁለቱ ድንበሮች ከአንድ ጥያቄ መምጣታቸው የሚታየው የኪራይ ውሉ በሚያልቅበት ቀን ነው። ዋጋው 15 እንዳለ ነው እንበል። አሥር ወር ውል የቀረው ድርጅት ቢያቆም የሚያድነው ተለዋዋጩን ወጪ ብቻ ስለሆነ 15ን ከ6 ጋር ያነጻጽራል፤ ይሠራል። ውሉ ዛሬ የሚያልቅበት ጎረቤቱ ግን ካላደሰ 100ውንም ያድናል፤ ለእሱ ቋሚ የሚባል ወጪ ዛሬ የለም። ስለዚህ 15ን ከ30 ጋር ያነጻጽርና ይወጣል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምድጃ፣ አንድ ዓይነት አፈርና አንድ ዓይነት ገበያ አላቸው፤ ሁለቱም በትክክል አስበው ተቃራኒ ውሳኔ ይወስናሉ። አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 የአጭርና የረጅም ጊዜን ልዩነት ሲያብራራ መለያው የቀን ቁጥር ሳይሆን ሊለወጥ የሚችለው ነገር መሆኑን ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ለአንዱ ዛሬ ረጅም ጊዜ ነው፤ ለሌላው ከአሥር ወር በኋላ።

ውላቸው እያለቀ የሚወጡት ሲበዙ ጡቡ ያንሳል፤ ዋጋው ይወጣል። በ15 ዋጋ 400 ሺህ ጡብ ይሸጥ ነበር፤ በ30 ዋጋ የሚሸጠው 250 ሺህ ስለሆነ 50 ድርጅቶች ሲቀሩ የቀሩት እንደገና ዜሮ ላይ ይሆናሉ። ኪሳራውን ያስቀረላቸው የነሱ የበለጠ ብርታት ሳይሆን የሌሎቹ 50 መውጣት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው በውሉ ማብቂያ ቀን ነው።

ቋሚ የተባለው ሁሉ የማይቀር አይደለም

ደንቡን በጥሬው መጠቀም አደገኛ የሚሆንበት ቦታ አለ። ቀደም ሲል ባለቤቱ ማምረት ቢያቆምም ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም ብለን ነበር። አሁን ይህን እንተወው፤ ምድጃው በጠፋ ማግስት የ25 ደመወዝ ሥራ ያገኛል። ይህ 25 ከምርቱ መጠን ጋር ስለማይለዋወጥ በትርጉሙ ቋሚ ወጪ ነው፤ ይሁን እንጂ በማቆም የሚድን ወጪ ሆኗል። ውሳኔው ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ተለዋዋጩ ወጪ ላይ 25 ጨምረን ለምርቱ ስናካፍል ዝቅተኛው ቁጥር በ4 ሺህ ጡብ ላይ 53 ለ4 ሲካፈል የሚመጣው 13.25 ይሆናል። የማቆሚያው ድንበር ከ6 ወደ 13.25 ዘለለ።

ዋጋው 12 ቢሆን ልዩነቱ ይታያል። ድርጅቱ 4 ሺህ አምርቶ 48 ያስገባል፤ 28 ተለዋዋጭ ወጪ ሲከፍል 20 ይተርፈዋል። በመጻሕፍቱ የተለመደ አገላለጽ ዋጋው ከአማካይ ተለዋዋጭ ወጪ ስለሚበልጥ መሥራት አለበት። ባለቤቱ ግን ይህን 20 ለማግኘት 25 ደመወዝ እየተወ ነው፤ ማቆም ይሻለዋል። በዋጋ 15 ደግሞ 32 ስለሚተርፈው መሥራቱ ያዋጣል። ስለዚህ ወጪዎችን ቋሚና ተለዋዋጭ ብሎ ከመክፈል ይልቅ በማቆም የሚድኑና የማይድኑ ብሎ መክፈል ወደ ትክክለኛው መልስ ይመራል። አንድን ድርጅት ለመመርመር የሚፈልግ ሰው በየወጪው ፊት «ነገ ብናቆም ይህ ይቀራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የጥበቃ ደመወዝ ላይቀር ይችላል፣ በየወሩ የሚታደስ የመድን ክፍያ ግን ሊቀር ይችላል።

በሌላ በኩል ማቆም ራሱ ወጪ ያለው ሥራም አለ። ፍሪድሪክ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብት ያገኘበት የጡብ ምድጃ እሳቱ ሳይጠፋ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ የሚያቃጥል ነው፤ እንዲህ ያለ ምድጃ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ለማሞቅ ብዙ ነዳጅ ይበላል። በምሳሌያችን ምድጃውን መልሶ ማስነሳት 12 ያስወጣል እንበል፤ ባለቤቱም እንደ መጀመሪያው ከሥራው ጋር የታሰረ ይሁን። ዋጋው 5 ሲሆን ማምረት ከማቆም ይልቅ በሳምንት 3 ተጨማሪ ያስከስራል። የዋጋው መውደቅ ሁለት ሳምንት ብቻ የሚቆይ ከሆነ እየሠሩ መቆየት 6 ያስከፍላል፣ ማጥፋትና መልሶ ማስነሳት ግን 12። ስለዚህ ተለዋዋጩን ወጪ እንኳ በማይሸፍን ዋጋ መሥራት ትክክል ይሆናል። ስድስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ 18 ከ12 ይበልጣልና እሳቱ መጥፋት አለበት። ሚዛኑ አራት ሳምንት ላይ ነው፤ ውሳኔውም የዛሬውን ዋጋ በማየት ብቻ ሳይሆን ዋጋው እስከ መቼ እንደሚቆይ በመገመት ላይ ይመሠረታል።

የነዳጅ ዘይት ገበያ ይህን በጉልህ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 በአሜሪካ ለግንቦት ርክክብ የተሸጠው የድፍድፍ ነዳጅ የወደፊት ውል ከዜሮ በታች በ37.63 ዶላር ተዘጋ፤ ማከማቻ ቦታ እየሞላ ስለነበር ውሉን የያዙ ነጋዴዎች ዘይቱን ከመረከብ ይልቅ ከፍለው መገላገልን መረጡ። በዚያ ሳምንት ጉድጓዶች ሁሉ ወዲያው አልተዘጉም። አንዳንድ ጉድጓድ ከተዘጋ በኋላ ግፊቱ ሊለወጥና ተመልሶ ሲከፈት ቀድሞ የሚሰጠውን ያህል ላይሰጥ ይችላል፤ ባለጉድጓዱም የሚያነጻጽረው የዕለቱን ዋጋ ከዕለቱ ወጪ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ዝቅተኛው ዋጋ በሚቆይባቸው ሳምንታት የሚደርስበትን ኪሳራ ጉድጓዱን ዘግቶ በመክፈት ከሚያጣው ጋር ነው።